ገንዘቡ ነበረ፤ ክፍያው ግን ተመለሰ

እንግሊዝ አገር የሚኖር ሰው የወር ወጪውን ተሰልፎ አይከፍልም። የቤት ኪራዩ፣ ካውንስል ታክሱ፣ መብራቱ፣ ስልኩ፣ የመኪና ኢንሹራንሱ ሁሉ ወሩ እንደገባ እሱ ተኝቶ ሳለ ከሒሳቡ ይወጣሉ። ነገሩ ለዓመታት እንዲህ ሲሄድ ይቆይና አንድ ቀን በጠዋት ስልኩ ላይ መልእክት ይገባል፦ በሒሳብዎ በቂ ገንዘብ ባለመኖሩ ክፍያው አልተፈጸመም። ይህን ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ከመጠን በላይ ይደነግጣል፣ ወይም "ነገ ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል" ብሎ ይተወዋል። ድንጋጤውም መተዉም የሚመጡት ከመልእክቱ በኋላ ነገሩ በማን እጅ እንዳለ ካለማወቅ ነው።

ድንጋጤው ለእኛ ሰው ትንሽ ይከብዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ነገር ነው፤ በደረቅ ቼክ ታስሮ የሚያውቅ ነጋዴ በስም የሚጠራ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ባንክ "ገንዘብ የለህም" ብሎ ሲጽፍ ፖሊስ የሚከተል ይመስላል። እንግሊዝ ውስጥ በገንዘብ እጥረት የተመለሰ የወር ክፍያ ወንጀል አይደለም። ዕዳ ነው፤ የሚያስከትለውም ዕዳ የሚያስከትለውን ነው። ይህ ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ከተመለሱት ክፍያዎች አንዳንዱ ምንም ሳይሆን ያልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ በሦስት ሳምንት ውስጥ መኪና ሊያስወርስ የሚችል ጣጣ ይጎትታል።

መጀመሪያ ሁለቱን መንገዶች እንለያቸው። ስታንዲንግ ኦርደር አንተ ለባንክህ የምትሰጠው ቋሚ ትእዛዝ ነው፦ በየወሩ በ1ኛው ቀን ይህን ያህል ለእገሌ ላክ። መጠኑም ቀኑም ያንተ ነው፤ ተቀባዩ የሚያደርገው ነገር የለም፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዳይሬክት ዴቢት ተቃራኒው ነው። አንተ ለኩባንያው አንድ ጊዜ ፈቃድ ትሰጣለህ፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን የሚጠይቀው ኩባንያው ነው፣ መጠኑንም አስቀድሞ እስካሳወቀህ ድረስ መቀየር ይችላል። አንደኛው የሚላክ፣ ሌላው የሚወሰድ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ባነሰ ጊዜ የሁለቱ ዕጣ የሚለያየውም ከዚህ የተነሳ ነው።

የሚሄዱበት መስመርም የተለያየ ነው። ስታንዲንግ ኦርደር በአብዛኛው የሚተላለፈው በ2008 በተጀመረው ፈጣን የክፍያ መስመር ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። ዳይሬክት ዴቢት ግን ባክስ በሚባለው አሮጌ መስመር፣ ሦስት የሥራ ቀን ፈጅቶ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያው ቀን ኩባንያው የሚሰበስባቸውን ክፍያዎች ዝርዝር ያስገባል፤ በሁለተኛው ቀን ዝርዝሩ ለየባንኩ ይከፋፈላል፤ በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ገንዘቡ ከሒሳቡ ይቀነሳል። ሰኞ የሚወሰድ ክፍያ እንግዲህ ሐሙስ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። እሑድ ማታ ለኩባንያው ደውሎ "እባካችሁ ነገ አትውሰዱ" ማለት ብዙውን ጊዜ የማይጠቅመው ለዚህ ነው፤ ጥያቄው ከእጃቸው ወጥቷል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለንደን ውስጥ በመኪና ከቤት ቤት እየዞረች አረጋውያንን የምትንከባከብ ሴት አለች እንበል። ጁን 1 ሰኞ ላይ ውሏል። እሑድ ከሰዓት ሒሳቧን ስታይ 905 ፓውንድ አላት። ሰኞ የሚወጣውን በቃሏ ታውቀዋለች፦ የክፍል ኪራይ 600 በስታንዲንግ ኦርደር፣ ከዚያ በዳይሬክት ዴቢት ካውንስል ታክስ 140፣ የመኪና ኢንሹራንስ 95፣ ስልክ 22። ድምሩ 857 ነው። 48 ፓውንድ ይተርፋታል። በዚህ ተማምና ማታ ነዳጅ ማደያ ጎራ ትላለች፣ ካርዷን ማሽኑ ራሱ ላይ አስገብታ የ35 ፓውንድ ነዳጅ ትሞላለች። 13 ፓውንድ ይተርፋል፣ ማክሰኞ ደግሞ ደሞዝ አለ። ስሌቷ ምንም ስህተት የለበትም።

ሰኞ ጠዋት ግን ኢንሹራንሱ ተመልሷል።

ምን ሆነ? የነዳጅ ማሽኑ ካርዱን ሲቀበል ስንት እንደምትሞላ አያውቅም። ስለዚህ ቧንቧውን ከመክፈቱ በፊት ባንኩን ከፍ ያለ ገንዘብ፣ ለምሳሌ 100 ፓውንድ፣ እንዲይዝለት ይጠይቃል። ሞልታ ስትጨርስ እውነተኛው ዋጋ 35 መሆኑ ይላክና የተያዘው ትርፍ ይለቀቃል። ብዙ ጊዜ ይህ በደቂቃዎች ያልቃል። ባንኩ ወይም ማደያው የዘገየ እንደሆነ ግን የተያዘው 100 ፓውንድ ሌሊቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደተያዘ ይቆያል። ገንዘቡ ከሒሳቧ አልወጣም፤ ግን የእሷ መሆኑ ለጊዜው ቆሟል። ባንክ ክፍያ ሲፈቅድ የሚያየው ደግሞ በሒሳቡ ያለውን ሁሉ ሳይሆን ነፃ የሆነውን ነው። በዚያች ሌሊት ነፃ የነበረው 805 ፓውንድ ነው፤ ከ857 በ52 ያነሰ።

ከዚያ ተራ በተራ ወጣ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኪራዩ ሄደ፣ 205 ቀረ። ካውንስል ታክሱ ተወሰደ፣ 65 ቀረ። የኢንሹራንሱ 95 መጣ፣ አልሞላም፣ ተመለሰ። የስልኩ 22 ግን ሞልቶ አለፈ። ጠዋት ሒሳቧ ላይ 43 ፓውንድ አየች። ቅደም ተከተሉ በሁሉም ባንክ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ባንኩ ይህ ይበልጣል ይህ ያንሳል ብሎ አያስብም። ስልኩ ተከፍሎ ኢንሹራንሱ መቅረቱ ዕጣ ፈንታ ካልሆነ ሌላ ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለውን ነገር መለየት የሚቻለው በባንኩ አፕ ላይ ገና ያላለቁ ክፍያዎች የሚታዩበትን ክፍል በማየት ነው፦ ሠላሳ ምናምን ፓውንድ ነዳጅ የቀዳ ሰው እዚያ ልሙጥ 100 ካገኘ ነገሩ ይኸው ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ በወር መጨረሻ ላይ ነዳጅ ቀድቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ካሸሩ ጋ መክፈል። እዚያ የሚከፈለው ትክክለኛው ዋጋ ስለሆነ የሚያዝ ትርፍ የለም።

ነዳጅ እንደ ምሳሌ ነው የመረጥኩት። ሆቴልና የኪራይ መኪናም እንዲሁ ገንዘብ ይይዛሉ። ከዚህ ይበልጥ የተለመደው ምክንያት ግን የቀን መንሸራተት ነው። ዳይሬክት ዴቢት ቅዳሜና እሑድ ወይም ባንክ በሚዘጋበት በዓል አይወሰድም፤ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይገፋል። ቅዳሜ በ1ኛው ቀን መውጣት የነበረበት ገንዘብ እሑድም ሒሳቡ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል። ሰው "ዘንድሮስ ተረፈኝ" ብሎ ገበያ ይወጣበታል፤ ሰኞ ሌሊት ባለቤቱ ይመጣል። ሌላው የደሞዝ ሰዓት ነው። በባክስ የሚገባ ደሞዝ በአብዛኛው ሳይነጋ ስለሚገባ ከሚወጣው ጋር አብሮ ይደርሳል። ትንንሽ ቀጣሪዎች ግን በዚያው ቀን ረፋድ ላይ በፈጣኑ መስመር ይልካሉ። ቀኑ አንድ ቢሆንም ደሞዙ የደረሰው ክፍያው ከተመለሰ ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ይህ የገጠመው ሰው ገንዘብ አላጠረውም፤ ያጠረው ሰዓት ነው።

ወደ ሴትየዋ እንመለስ። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መልእክቱን አየች እንበል። በዚህ ሰዓት ነገሩ ገና በባንኩ እጅ ነው፣ አላለቀም። የእንግሊዝ ዋና ዋና ባንኮች በሌሊት ያልሞላ ክፍያን እዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደገና ይሞክራሉ። ገንዘብ ማስገቢያው የመጨረሻ ሰዓት ከባንክ ባንክ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 2 ሰዓት፣ አካባቢ ያደርጉታል። ባንኩ የሚልከው መልእክት ሰዓቱን ራሱ ይናገራል፤ ሰው ግን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ ስለሚደነግጥ ሁለተኛውን አያየውም። እሷ ከ8 ሰዓት በፊት 52 ፓውንድ ብታገኝ ያልቃል፤ ኢንሹራንሱ ራሱ ክፍያው ጠዋት መውደቁን ላያውቅ ይችላል። ከእህት ወይም ከጓደኛ በስልክ የተላከ ገንዘብ ወዲያው ይገባል። ቼክ ማስገባት ግን አይሆንም፣ በዚያው ሰዓት ነፃ አይሆንምና። እንዲያውም ማደያው የያዘውን ትርፍ እስከ ቀትር ከለቀቀው 65 ፓውንድ ይመለስላታል፤ 43ቱ ላይ ሲጨመር 108 ይሆንና ክፍያው ያለማንም እርዳታ ያልፋል፣ እሑድ ያሰበችው 13 ፓውንድም ይተርፋታል።

ባንኩ ሌላም ምርጫ ነበረው። ክፍያውን አልፎ ሒሳቡን ከዜሮ በታች ማውረድ ይችላል። ይህ ኦቨርድራፍት ነው፤ አስቀድሞ ተስማምተህበት ከሆነ ባንኩ እስከ ተስማማችሁበት ወለል ድረስ ያሳልፍልሃል። ከኤፕሪል 2020 ወዲህ ኤፍ ሲ ኤ የሚባለው የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ባንኮች ለኦቨርድራፍት በቀን ወይም በወር የተቆረጠ ክፍያ እንዳያስከፍሉ ከልክሏል፤ የሚታሰበው ወለድ ብቻ ነው። ወለዱ ሲሰሙት ያስፈራል፣ በብዙ ባንኮች በዓመት 40 ከመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን 52 ፓውንድን ለሦስት ቀን ብናሰላው 20 ፔኒ እንኳ አይሞላም። ለአጭር ቀዳዳ ርካሽ ነው፤ ወር ከወር እዚያው ለሚኖር ሰው ግን ውድ ብድር ነው። እዚህ ላይ የእኔ አስተያየት ከብዙ ሰው ይለያል፦ ትንሽ፣ የተፈቀደ ኦቨርድራፍት ይዞ አለመንካት ነውር የለበትም፤ ከተመለሰ ኢንሹራንስ ይሻላል።

ባንኩ ክፍያውን መልሶት ሳለ ስለመለሰው ብቻ ያስከፍል የነበረበት ዘመን ነበር፤ ለአንድ የተመለሰ ክፍያ 30 ፓውንድና ከዚያ በላይ መቅጣት የተለመደ ነበር። ደንበኞች በሺዎች እየሆኑ ተከራከሩ፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በኖቬምበር 2009 ባንኮቹ ረቱ። ነገሩ የተለወጠው በፍርድ ሳይሆን በደንብ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ ባንክ ለተመለሰ ክፍያ ማስከፈል የሚችለው ራሱን ካስወጣው ጋር የተመጣጠነ ብቻ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ምንም አይጠይቁም። አዲስ የመጡ ወገኖቻችን ብዙውን ጊዜ የሚከፍቱት ቤዚክ የሚባለው ሒሳብ ደግሞ ከ2016 መግቢያ ጀምሮ በትልልቆቹ ባንኮች ለተመለሰ ክፍያ አይቀጣም። ኦቨርድራፍት ስለሌለው ግን ያልሞላ ነገር ሁሉ ይመለሳል፤ በአንድ ፓውንድም ቢሆን።

እንግዲህ 8 ሰዓት አለፈ እንበል። እሷ አንድ አዛውንት ስታጥብ ስልኳ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ከዚህ በኋላ ባንኩ እጁን ታጥቧል፤ ነገሩ ወደ ኩባንያው አልፏል። ኩባንያው ወዲያው አያውቅም፤ በአንድ ሁለት የሥራ ቀን ውስጥ የተመለሱ ክፍያዎች ዝርዝር ይደርሰዋል። በዚያ ላይ የምትታየው በአንዲት ኮድ ነው፣ ትርጉሙም "ከፋዩን ጠይቁ" እንደማለት ነው። ስንት እንደጎደላት፣ ሒሳቧ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ነዳጅ ስለመቅዳቷ ለኩባንያው የሚነግረው የለም። ስለዚህ በስልክ ስትደውል ኦፕሬተሯ ምክንያቱን ብታጣው አይገርምም።

ኩባንያው አሁን ያንኑ መጠን ዳግመኛ መጠየቅ ይችላል፤ ደንቡ ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ወር ውስጥ ይፈቅድለታል። ብዙዎቹ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይሞክራሉ፣ መቼ እንደሚሞክሩም በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ይጽፋሉ። ትልቁ ወጥመድ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ደንግጦ ረቡዕ ይደውልና 95ቱን በካርድ ይከፍላል፤ ኩባንያው ዳግመኛውን ጥያቄ አስቀድሞ ወደ ባክስ አስገብቶ ከነበረ በሚቀጥለው ሳምንት 95 እንደገና ይወጣል። በዚህኛው ምክንያት ደግሞ ሌላ ክፍያ ይወድቃል። በካርድ ከመክፈል በፊት የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ዳግመኛ ልትወስዱ ቀን ይዛችኋል ወይ? አሁን ብከፍል ያኛውን ታስቀሩታላችሁ?" የተመለሰላትን መልስና የመልሱን ቀን ብትጽፍ ይጠቅማታል። ሁለት ጊዜ ከተወሰደ የኩባንያው ስህተት ነውና የዳይሬክት ዴቢት ዋስትና የሚባለው ደንብ ይሠራል፤ ባንኩ ራሱ ገንዘቡን ወዲያው ይመልሳል፣ ከኩባንያው ጋር የሚተሳሰበው ኋላ ነው። ይኸው ዋስትና ኩባንያው ሳያሳውቅ መጠኑን ከፍ አድርጎ ወይም ከቀኑ አስቀድሞ ወስዶ ከሆነም ያገለግላል። ሌላ ውል ከሌለ ማሳወቂያው ከ10 የሥራ ቀን በፊት መምጣት አለበት። ገንዘብ ስላልሞላ ብቻ ለተመለሰ ክፍያ ግን ዋስትናው ምንም አይልም።

በእሷ ላይ የወደቀው ዕጣ የመኪና ኢንሹራንስ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በወር የሚከፈል ኢንሹራንስ በአብዛኛው የዓመቱን ዋጋ አበድሮ በወር የሚሰበስብ የብድር ውል ነው። ሁለተኛው ሙከራም ከወደቀ ደብዳቤ ይመጣል፦ በ7 ቀን ውስጥ ካልከፈልሽ ኢንሹራንሱ ይሰረዛል። ይህ ደብዳቤ ወደ አሮጌ አድራሻ የሄደ እንደሆነ፣ ወይም ኢሜይሉ ከማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ የቀረ እንደሆነ፣ ኢንሹራንሱ ሳታውቀው ያልቃል፤ እሷም እየነዳች ሥራዋን ትቀጥላለች። ፖሊስ የታርጋውን ቁጥር በካሜራ አይቶ ኢንሹራንስ እንደሌለው ያውቃል። የተለመደው ቅጣት 300 ፓውንድና በመንጃ ፈቃድ ላይ 6 ነጥብ ነው፤ መኪናውንም መውሰድ ይችላሉ። "አላወቅሁም ነበር" ማለት አያድንም። ቅጣቱ ቢቀር እንኳ በኢንሹራንስ ኩባንያ የተሰረዘ ውል ያለው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲገዛ "ተሰርዞብህ ያውቃል?" ተብሎ ይጠየቃል፤ እውነቱን መናገር ግዴታ ነው፣ ዋጋውም ይወጣል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፈል ነገር ምረጥ ብባል፣ በመኪና ለሚሠራ ሰው ኢንሹራንሱን እመርጣለሁ።

የወደቀው ካውንስል ታክሱ ቢሆንስ? እዚያ ፖሊስ የለም፣ ግን ሌላ ዓይነት ጉልበት አለ። እንግሊዝ ውስጥ ታክሱ የዓመት ዕዳ ነው፤ በ10 ወር መክፈል የተሰጠ ዕድል ነው። የዓመቱ 1,400 ከሆነ ወሩ 140 ነው። ኤፕሪልና ሜይን ከፍላ የጁኑ ከወደቀ ካውንስሉ የማስታወሻ ደብዳቤ ይልካል፣ በ7 ቀን ክፈይ ይላል። ካልከፈለች፣ ከሌላ 7 ቀን በኋላ በወር የመክፈል መብቷን ታጣለች፤ የቀረው 1,120 በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ከዚያ ፍርድ ቤት፣ የፍርድ ቤት ወጪ፣ በመጨረሻም ዕዳ ሰብሳቢ በር ላይ። በ7ቱ ቀን ውስጥ 140ውን ከከፈለች ግን ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚላከው፤ በሦስተኛው ስህተት ማስታወሻ የለም፣ ሙሉው ይጠየቃል።

ስታንዲንግ ኦርደር ሲወድቅ ደግሞ ዝምታው ነው አስቸጋሪው። ባንኩ እንደ ዳይሬክት ዴቢቱ ያንኑ ቀን ከሰዓት ሊሞክረው ይችላል፤ ቀኑ ካለፈ ግን አበቃ፣ እስከ ሚቀጥለው ወር አይንቀሳቀስም። ተቀባዩ ዳግመኛ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም፣ የመጠየቅ ፈቃድ አልሰጠኸውምና። አከራዩ ኪራይ አለመግባቱን የሚያውቀው ሒሳቡን ሲያይ ነው። ብዙ ሰው ስታንዲንግ ኦርደሩን ልክ እንደ ዳይሬክት ዴቢት ቆጥሮ "በሚቀጥለው ሳምንት ይወስዱታል" እያለ ይጠብቃል፤ የሚወስድ የለም። ራስህ ገብተህ መላክ አለብህ፣ ያውም በዚያው ቀን፣ ለአከራዩም አንድ መልእክት ጨምረህ። በስታንዲንግ ኦርደር ዕቁብ የሚጥሉ ሰዎችም አሉ። እዚያ የማስታወሻ ደብዳቤ፣ 7 ቀን፣ ኮድ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የዕቁብ ሰብሳቢው ስልክ ነው፦ "ኧረ እህቴ፣ የዚህ ወር አልደረሰኝም፤ ደኅና ነሽ?" ይህ ጥያቄ ከባንክ ደብዳቤ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ብዙ ነው።

ሰዎች በጣም የሚፈሩት ክሬዲት ፋይላቸውን ነው። ክፍያው ጠዋት ወድቆ ከሰዓት ከተሞላ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተከፈለ ብዙውን ጊዜ በፋይሉ ላይ ምንም አይታይም። ባንኩ "ዳይሬክት ዴቢት መለሰ" ብሎ አይመዘግብም፤ የሚመዘግበው አበዳሪው ነው፣ የሚመዘግበውም ወሩ ሳይከፈል ማለፉን ነው። ዕዳው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከተከማቸ ውሉ ፈረሰ ተብሎ ይጻፍና ለስድስት ዓመት ይቆያል። ፋይሉ ላይ የማይታይ አንድ ነገር ግን አለ፦ ሞርጌጅ የሚሰጥ ባንክ የሦስት ወር ስቴትመንት ሲጠይቅ የተመለሱት ክፍያዎች እዚያ ላይ በግልጽ ይነበባሉ።

ገንዘቡ እንደማይሞላ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ምን ያደርጋል? ኩባንያው ጋ መደወል ያለበት ክፍያው ሳይንቀሳቀስ፣ ማለትም ቢያንስ ከሳምንት በፊት ነው። ከዚያ ከዘገየ የሚቀረው ባንኩ ነው፤ ደንበኛ ዳይሬክት ዴቢቱን ከሚወሰድበት ቀን በፊት ባለው የሥራ ቀን መጨረሻ ድረስ መሰረዝ ይችላል። ለሰኞ ክፍያ ይህ ዓርብ ነው። ብዙዎች አፑ ላይ አንድ ቁልፍ ስለሆነ ቶሎ ይጫኑታል። ግን የሚሰረዘው የዚህ ወር ክፍያ ሳይሆን ፈቃዱ በሙሉ ነው፤ ዕዳው እንዳለ ነው፣ በሚቀጥለው ወርም ማንም አይመጣም። ኢንሹራንስን እንዲህ መሰረዝ ውሉን ራሱን ወደ መሰረዝ ይወስዳል። ዕዳው ከአንድ ወር ጉዳይ ያለፈበት ሰው ደግሞ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከሜይ 2021 ጀምሮ ያለውን የመተንፈሻ ጊዜ በዕዳ አማካሪ በኩል መጠየቅ ይችላል፤ ለ60 ቀን አብዛኞቹ አበዳሪዎች እንዳይጠይቁትና ወለድ እንዳይጨምሩ ያደርጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚመጡትን አዳዲስ የወር ክፍያዎች ግን መክፈሉን ይቀጥላል።

ለሴትየዋ ይህ ሁሉ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ኢንሹራንሱንና ስልኩን ከ1ኛው ቀን ወደ 5ኛው ማዛወር ነው፤ ደሞዝ ከገባ በኋላ። ብዙ ኩባንያዎች በስልክ ይቀበላሉ፣ ብድር ያለበት ኢንሹራንስ ግን አንዳንዴ የወለድ ልዩነት ይጨምርበታል። ለውጡን ከጠየቀች በኋላ አዲሱን ቀን የሚናገር ደብዳቤ መምጣቱን ትጠብቅ። የሚቀጥለው ወር ዝርዝር ቀድሞ ተዘጋጅቶ ከሆነ አንድ ጊዜ በአሮጌው ቀን ይወሰዳል፤ ጁላይ 1ም ስለዚህ ሒሳቡ ውስጥ 95 ፓውንድ መኖር አለበት።